የተያዘ ደም፦ በሆስፒታል የደም ክፍል የሌሊት ፈረቃ አስተራረክ

በአራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለአንዲት ወላድ 2 ከረጢት ኦ ፖዘቲቭ ደም ተመርምሮ ስሟ ተለጠፈበት እንበል። ቀዶ ሕክምናዋ ያለ ደም ተጠናቀቀ፤ ነገር ግን ይህን ለላቦራቶሪው የነገረ የለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተረኞች ተቀያየሩ። በ3 ሰዓት ሌላ ታካሚ እየደማች ስትደርስ፣ በማቀዝቀዣው የቀረው ኦ ፖዘቲቭ ደም እነዚያው 2 ከረጢቶች ብቻ ናቸው። አዲሱ ተረኛ ደሙን እያየው ሊሰጠው አይችልም፤ ባለቤት አለውና። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው መሰናክል በርክክብ ወቅት እንዴት እንደሚወገድ ያብራራል።

የመጀመሪያው ተግባር የተጀመረን ምርመራ መዝጋት ነው። የተኳኋኝነት ምርመራ የታካሚውን ሴረም ከለጋሹ ቀይ ሕዋሳት ጋር ቀላቅሎ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቆየትን ይጠይቃል። ተረኛው ቱቦዎቹን በማሞቂያው ውስጥ ትቶ ቢሄድ፣ ተረካቢው መቼ እንደገቡ ስለማያውቅ በውጤታቸው ሊተማመን አይችልም። ስለዚህ ወይ ምርመራውን መጨረስ፣ ወይም የገቡበትን ሰዓት በጽሑፍና በቃል ማስረከብ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ካልታወቀ ከናሙናው እንደገና መጀመር ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የተያዘውን መልቀቅ ነው። ተረኛው ከመውጣቱ በፊት ስም የተለጠፈበትን እያንዳንዱን ከረጢት ቆጥሮ ወደ ሕክምና ክፍሉ ይደውላል። አያስፈልግም ከተባለ መለያውን አንሥቶ ከረጢቱን ወደ ነጻው መደርደሪያ ይመልሳል፤ የፈቀደውን ሐኪም ስምም ይመዘግባል። በራሱ ግምት ግን ሊለቅ አይገባም፤ ቀዶ ሕክምና ማለቁ የመድማት ስጋት ማብቃቱን አያረጋግጥምና።

ሦስተኛው መዝገቡ ነው። የከረጢቱ ቁጥር፣ ያለበት ሁኔታ፣ ቀጣዩ እርምጃና የጊዜ ገደቡ ሊሰፍሩበት ይገባል። እዚህ ላይ የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። «ሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ለሰኞ አጥቢያ ወይም ለማክሰኞ አጥቢያ ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ልዩነቱ 24 ሰዓት ነው። በቅርቡ ደም ከወሰደ ወይም ነፍሰ ጡር ከነበረ ሰው የተቀዳ ናሙና በተለምዶ ከ3 ቀን በላይ ለዚህ ምርመራ አያገለግልም። ስለሆነም የአንድ ቀን ስሕተት ያረጀን ናሙና ትኩስ ያስመስላል። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ ቀኑን ጨምሮ መጻፍ ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

በምሳሌያችን የሌሊቱ ተረኛ ከመውጣቱ በፊት ደውሎ ቢሆን ኖሮ፣ 2ቱ ከረጢቶች በ3 ሰዓት ከነጻው መደርደሪያ ላይ ይገኙ ነበር። ተረካቢውም የቀረውን ምርመራ ወዲያው ይጀምር ነበር። የርክክቡ ጥራት መመዘኛም ይኸው ነው፦ ተረካቢው ለተኛው ባልደረባው ስልክ ሳይደውል ቀጣዩን እርምጃ መውሰድ መቻሉ።