የማን ስምምነት ሕግ ይሆናል? የመዲና ኢጅማዕና የአንድ ምስክር ክርክር

በሱኒ የሕግ ሊቃውንት አስተምህሮ ኢጅማዕ፣ ማለትም የሊቃውንት የጋራ ስምምነት፣ ከቁርኣንና ከሱና ቀጥሎ የሚጠቀስ የሕግ ምንጭ ነው። ስምምነት አስገዳጅ መሆኑ በሰፊው ተቀባይነት ሲኖረው፣ የሚያከራክረው ግን ስምምነቱ የማን መሆን እንዳለበት ነው። ክርክሩ ምን ያህል ተግባራዊ ውጤት እንዳለው አንድ የማስረጃ ደንብ በመከተል መረዳት ይቻላል።

ከሳሽ ለገንዘብ ጥያቄው አንድ ምስክር ብቻ አለው እንበል። ቃዲው የምስክሩን ቃል ሰምቶ፣ የጎደለውን ሁለተኛ ምስክር በከሳሹ መሐላ ተክቶ ሊፈርድ ይችላልን? ቁርኣን በምዕራፍ 2 ቁጥር 282 ዕዳ ሲዋዋሉ ሁለት ወንዶች፣ ካልሆነም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች እንዲመሰክሩ ያዛል፤ ስለ አንድ ምስክርና መሐላ የሚለው ነገር የለም። ከዚህ በመነሣት ሐነፊዎች አሠራሩን አይቀበሉም፤ በእነርሱ ዘንድ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የከሳሹ፣ መሐላ ደግሞ የተከሳሹ ነው። በአንጻሩ የመዲናው ኢማም ማሊክ (በ795 እ.ኤ.አ. የሞቱት) በገንዘብ ነክ ጉዳዮች ይህ አሠራር የጸና መሆኑን «ሙወጠእ» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። ከነቢዩ የተላለፈ ዘገባ ቢጠቅሱም፣ የመዲና ሰዎች ሲሠሩበት የኖሩት ልማድ ለእርሳቸው ራሱን የቻለ ክብደት አለው። ምክንያታቸውም ነቢዩ የኖሩትና ያረፉት በዚያች ከተማ በመሆኑ፣ ትውልድ ከትውልድ ሲቀባበለው የቆየው አሠራር ከአንድ ተራኪ ቃል ይልቅ አስተማማኝ ነው የሚል ነው።

ለዚህ አቋም ከቀረቡት ቀደምት መልሶች አንዱ የግብጹ ሊቅ የለይስ ኢብን ሰዕድ (በ791 የሞቱት) ለማሊክ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ለይስ የመዲናን ክብር አይክዱም። ነገር ግን የነቢዩ ባልደረቦች፣ ማለትም ሶሓባዎች፣ ወደ ሻም፣ ወደ ግብጽና ወደ ኢራቅ በዘመቻ ሄደው በየሰፈሩበት አስተምረዋል፤ ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የጸናው አሠራርም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው ይላሉ። እንደ ማስረጃም ከጠቀሷቸው ጉዳዮች አንዱ የአንድ ምስክር ደንብ ነው። በለይስ ዘገባ መሠረት ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ በመዲና ሳሉ በአንድ ምስክርና በመሐላ ይፈርዱ ነበር፤ ኸሊፋ (717–720) ሆነው ሻም ከገቡ በኋላ ግን የአገሩን ሰዎች በሌላ ሥርዓት ላይ ስላገኟቸው ሙሉውን የምስክር ቍጥር መጠየቅ ጀመሩ። «ሙወጠእ» በበኩሉ እኚሁ ዑመር ለኩፋ ሹማቸው በአንድ ምስክርና በመሐላ እንዲፈርድ እንደጻፉ ያወሳል። ሁለቱም ወገኖች አንድን ገዥ ለራሳቸው ምስክርነት መጥራታቸው፣ «አሠራሩ እንዲህ ነበር» የሚለው ቃል ራሱ ማስረጃ የሚያስፈልገው መሆኑን ያሳያል።

ኢማም ሻፊዒ (767–820) በፍርዱ ከማሊክ ጋር ይስማማሉ፤ በምንጩ ግን ይለያሉ። እርሳቸው ደንቡን የሚቀበሉት ከነቢዩ በተላለፈው ሐዲስ ምክንያት እንጂ መዲና ስለሠራችበት አይደለም። በእርሳቸው መመዘኛ ኢጅማዕ ሊባል የሚገባው፣ የትም አገር የሚገኝ ሊቅ ቢጠየቅ ያንኑ መልስ የሚሰጥበት ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የዙህር ሶላት አራት ረከዓ መሆኑ። የአንዲት ከተማ ሊቃውንት ያውም እርስ በርሳቸው እየተለያዩ የሁሉ ስም ሊሰጣቸው አይችልም። የዟሂሪው ሊቅ ኢብን ሐዝም (994–1064) ደግሞ ክበቡን በሌላ አቅጣጫ አጠበቡት፤ ከሶሓባዎች ስምምነት በቀር የሚቆጠር የለም፣ ከእነርሱ በኋላ የተበተኑትን ሊቃውንት ሁሉ ቃል ማረጋገጥ አይቻልምና።

የኋለኞቹ ማሊኪዎች ለትችቱ የሰጡት ዋነኛ መልስ የመዲናን አሠራር በሁለት መክፈል ነው። በዓይን የሚታይና በእጅ የሚያዝ ውርስ፣ እንደ እህል መስፈሪያው ሷዕና እንደ አዛን አጠራር ያለው፣ በብዙኀን የተላለፈ ዘገባ በመሆኑ አስገዳጅ ነው። የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር አቡ ዩሱፍ በመዲና የሷዕን መስፈሪያ ካዩ በኋላ የቀድሞ አቋማቸውን መተዋቸው ለዚህ ይጠቀሳል። በሊቃውንት የግል ምርምር የተደረሰበት ፍርድ ግን መዲና በመሆኑ ብቻ ሌላውን አያስገድድም የሚለው በብዙዎቻቸው ዘንድ ተመራጭ ሆኗል።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሚታየው ተቃርኖ ግልጽ ነው። ተስማሚዎቹ በቍጥር ባነሱ መጠን ስምምነቱን ማረጋገጥ ይቀላል፤ ከክበቡ ውጭ ያለውን ሰው ለማስገደድ ግን ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል። ተስማሚዎቹ በበዙ መጠን ሥልጣኑ ይጠነክራል፤ ሊረጋገጥ የሚችለው ግን አስቀድሞ ማንም ያልተከራከረበት ጥቂት ነገር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በጥንታዊ የፊቅህ ጽሑፍ «በእኛ ዘንድ የተስማማንበት» የሚል ሐረግ ሲያጋጥም፣ አንባቢ በቅድሚያ ሊመረምረው የሚገባው «እኛ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ነው።