ሩዝ ከጭቃው የሚያመጣው አርሴኒክ

ስንዴ ማሳ ላይ ውሃ ሲተኛ ገበሬው ሥሩ አየር አጥቶ እንዳይበሰብስ ቶሎ ቦይ ይቀዳል። ለሩዝ ግን ውሃውን ራሱ ይገድብለታል። በክረምት ፎገራ ሜዳ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሩዝ ከሌሎች እህሎች ይልቅ አርሴኒክ የሚሰበስበውም ከዚህ ውሃ የተነሣ ነው።

አርሴኒክ በየትኛውም አፈር ውስጥ በተፈጥሮው በጥቂቱ አለ። አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ ከብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ የስንዴ ወይም የገብስ ሥር ብዙ አያገኘውም። ማሳው በውሃ ሲሸፈን ግን ጭቃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። በዚያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በኦክስጅኑ ፈንታ ዝገቱን ለመተንፈሻ ይጠቀሙበታል፤ ዝገቱ ሲሟሟ የያዘው አርሴኒክ ተለቆ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ሥሩ ይሳሳታል። ሩዝ ግንዱንና ቅጠሉን የሚያጠነክርለትን ሲሊከን ከአፈር በብዛት የሚስብ ተክል ነው፤ ለዚህም በሥሩ ላይ የተለዩ መግቢያዎች አሉት። ከጭቃው የተለቀቀው አርሴኒክ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከሟሟው ሲሊከን ጋር በመጠኑም በጠባዩም ይመሳሰላል። በጃፓን የሚሠሩት ጂያን ፌንግ ማ እና ባልደረቦቻቸው በ2008 እንዳሳዩት፣ አርሴኒኩ የሚገባው በእነዚሁ የሲሊከን በሮች ነው። ስለዚህ በሩዝ ውስጥ ያለው አርሴኒክ ከስንዴና ከገብስ እስከ አሥር እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ማንም መርዝ ባይረጭበት እንኳ ይህ ይሆናል። በፍሬው ቡናማ ልባስ ላይ በብዛት ስለሚከማች፣ በሌላ ምክንያት ለጤና የሚመረጠው ቡናማ ሩዝ ከተፈተገው የበለጠ አርሴኒክ አለው።

ሁሉም አርሴኒክ ግን አንድ አይደለም። በዓሣ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ከካርቦን ጋር የተያያዘና ያን ያህል የማይጎዳ ነው። በሩዝ ውስጥ የሚያሳስበው ኢኦርጋኒክ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው።

መጠኑን በስሌት እንየው። በአንድ ኪሎ ሩዝ ውስጥ 100 ማይክሮግራም ኢኦርጋኒክ አርሴኒክ አለ እንበል፤ በገበያ ላይ የተለመደ መጠን ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለተፈተገ ሩዝ እስከ 200 ይፈቅዳል። ከዚህ ሩዝ በቀን 100 ግራም ጥሬውን ለክቶ አብስሎ የሚበላ ሰው 10 ማይክሮግራም ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያም ይኸው 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ ቀን መብላቱ ምንም አይደለም፤ ሰውነት አብዛኛውን በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ያስወግደዋል። ነገር ግን ሩዝ በየቀኑ የሚበላ ሰው ያስወገደውን ወዲያው ይተካዋል።

የዓመታት መደጋገም ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የታየው በቺሊዋ አንቶፋጋስታ ነው። ከ1958 እስከ 1970 ከተማዋ በሊትር ከ800 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ያለበት ውሃ ጠጣች። ከዚያ ማጣሪያ ተተከለ፤ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ግን ውሃው ከጠራ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ከፍ እንዳለ ቆየ። የሩዙ መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ማንም ሊደነግጥ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳቱ የሚዘገይ መሆኑና ልጅነትን የሚነካ መሆኑ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከላይ ያልነውን 100 ግራም ሲበላ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.17 ማይክሮግራም ይደርሰዋል። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከዚያው ሩዝ የተፈጨ 25 ግራም ዱቄት በገንፎ ቢበላ 0.31 ይደርሰዋል፤ በሩብ ምግብ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ የሕፃን ገንፎ ሁልጊዜ ከሩዝ ብቻ ባይሆን፣ አጃ፣ ገብስና ጤፍ ቢፈራረቁበት እመክራለሁ።

ማጠብ ብዙም አይረዳም፤ ማጥለል ግን ይረዳል። ሩዙ ውሃውን መጦ እስኪጨርስ ከማብሰል ይልቅ፣ ለአንድ ኩባያ ሩዝ ከስድስት እስከ አሥር ኩባያ ውሃ አፍልቶ እንደ ፓስታ ማንጠፍጠፍ ከ40 እስከ 60 በመቶውን አርሴኒክ ያስወጣል። የሚጎዳው ሩዙ ላይ የተጨመረ ቫይታሚን ካለ አብሮ መፍሰሱ ነው። ሌላ መንገድም አለ፦ በአራት ኩባያ የፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ቀቅሎ መድፋት፣ ከዚያ ሁለት ኩባያ አዲስ ውሃ ጨምሮ ክዳኑን ገጥሞ በቀስታ እሳት መጨረስ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ውሃው ራሱ ንጹሕ ሲሆን ነው። በስምጥ ሸለቆአችን በአንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ አርሴኒክ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቷል። ማፍላት አርሴኒክን አያጠፋም፤ በእንዲህ ያለ ውሃ የሚበስል ሩዝ ደግሞ ከጭቃው ያመጣውን ከመልቀቅ ይልቅ ከድስቱም ሊጨምርበት ይችላል።