ከአምስት ስንት ይሰጣት?

አንድ የፊዚክስ መምህር ይህን ጥያቄ አወጣ እንበል፦ መጠነ ቁሱ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ተይዞ በ4 ሴኮንድ ቆመ። ያቆመው ኃይል ስንት ነው? ጥያቄው ከ5 ነጥብ ይታረማል።

መልሱ 5,000 ኒውተን ነው። 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት 20 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ለ4 ሲካፈል በየሴኮንዱ 5 እንደቀነሰ ይታወቃል፤ ይህ በ1,000 ሲባዛ ኃይሉን ይሰጣል።

አንዲት ተማሪ 72ን ሳትለውጥ ለ4 አካፍላ 18 አገኘች፤ በ1,000 አባዝታም 18,000 ኒውተን ብላ ጻፈች። ምርጫ ቢሆን ኖሮ ዜሮ ነበረች። ወርክ አውት ስለሆነ ግን ስቴፑ ይታያል፤ ችግሩ አንዱ መምህር 1፣ ሌላው 3 ሊሰጣት መቻሉ ነው። ያው መምህር እንኳ ማታ ሲደክመው ሌላ ሊሰጣት ይችላል።

የእርማት መመሪያው ከፈተናው በፊት የሚጻፈው ለዚህ ነው። ለመለወጥ 1፣ የፍጥነቱን ለውጥ ለጊዜው ለማካፈል 1፣ ለተገኘው ቁጥር 1፣ በመጠነ ቁስ ለማባዛት 1፣ ለመጨረሻው መልስ ከነመለኪያው 1። ለቁጥር የሚሰጠው ነጥብ ግን ዘዴው ሲታይ ብቻ ነው። በዚህ መሠረት ተማሪዋ መለወጧን ብቻ ስለረሳች 1 ታጣና 4 ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በራሷ ቁጥር በትክክል ሠርታለች፤ አንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ አይቀጣም። መመሪያው ይህን ካልፈቀደ ግን 18ም 18,000ም ተሰርዘው 2 ብቻ ይቀራታል።

ልግስናው ወሰን አለው። 72ን በቀጥታ በ1,000 ያባዛ ተማሪ የተሳሳተው ቁጥር ላይ አይደለም፤ ፍጥነትን በየሴኮንዱ እንደሚኖር የፍጥነት ለውጥ ቆጥሯል። ለእሱ ዜሮ ተገቢ ነው፤ ተከትለን የምናርምለት ትክክለኛ ሥራ የለውም።

ብዙ መመሪያ የሚሰናከለው መምህሩ ራሱ በሠራበት መንገድ ብቻ ሲጻፍ ነው። ጎበዝ ተማሪ 1,000ን በ20 አባዝቶ ለ4 ቢያካፍል፣ ማለትም በሞመንተም ለውጥ ቢሠራ፣ 5ን በወረቀቱ ላይ አታገኟትም። መልሱ ግን ትክክል ነው፤ ሙሉ 5 ይገባዋል። ስለዚህ መመሪያው «በሌላ ትክክለኛ መንገድ ለሠራ ሙሉ ነጥብ» የሚል መስመር ያስፈልገዋል። መልሱን ብቻ የጻፈውስ? ጥያቄው «ስቴፑን አሳዩ» ካላለ ነጥብ መቀነስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህ ውሳኔ የሚያልቀው በጥያቄው ወረቀት ላይ እንጂ በእርማት ጊዜ አይደለም።

መመሪያው ተጽፎ ሲያበቃ ጥቂት ወረቀቶች ላይ ይሞከር። ያልታሰበ አሠራር የሚወጣው ያኔ ነው፤ መስመር ይጨመርለታል፤ የታረሙትም በአዲሱ ይታያሉ። ከዚያ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ሙሉውን ከማረም ይልቅ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ሁለተኛ ጥያቄ ማረም ይሻላል፤ አንዱ መለኪያ ሳይቀየር ለሁሉም ይደርሳል።

ወላጆችም የልጃችሁ ፈተና ታርሞ ሲመጣ ስንት እንዳገኘ ብቻ ሳይሆን ነጥቡ በየትኛው ስቴፕ ላይ እንደጎደለ ጠይቁ።