በፎቶ የመጣ የሽንኩርት ገበያ

ዛሬ የኢኮኖሚክስ የቤት ሥራ የከበደው ተማሪ ደብተሩን ይዞ ሰው ቤት አይሄድም፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። በአንዱ ፎቶ ላይ ሁለት ቀመሮችና በእርሳስ የተሣለ ግራፍ አሉ እንበል፦

Qd = 120 − 2P
Qs = −30 + 3P

P የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ በብር ነው። Qd ሸማቾች በቀን የሚፈልጉት፣ Qs ነጋዴዎች የሚያቀርቡት መጠን ሲሆን ሁለቱም በኩንታል ናቸው። ገበያው የሚረጋጋው ሁለቱ መጠኖች እኩል ሲሆኑ ስለሆነ 120 − 2P = −30 + 3P ይሆናል። ከዚህ 150 = 5P ይመጣል፤ ዋጋው 30 ብር፣ መጠኑ 60 ኩንታል ነው።

ስሌቱ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ፎቶው ነው። ከ30 ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት በጥላ ወይም በደብተሩ መስመር ትዋጣለች። ያለ ምልክቷ ከተነበበ ዋጋው 18፣ መጠኑ 84 ይወጣል። ይህን መልስ በተሳሳተው ቀመር ውስጥ መልሰው ቢያስገቡት እንኳ ልክ ይመጣል፤ ስለዚህ ስህተቱ በስሌት አይያዝም።

የሚያጋልጠው ግራፉ ነው። በእጅ የተሣለን ግራፍ በማስመሪያ ለክቶ ቁጥር ማውጣት ከንቱ ድካም ነው፤ መስመሩ ከየት እንደሚነሳ ግን ያሳያል። ቁጥሩ −30 ከሆነ አቅርቦት የሚጀምረው ዋጋው ከ10 ብር ሲያልፍ ነውና መስመሩ በቋሚው የዋጋ መስመር ላይ፣ ከዜሮ ከፍ ብሎ ይነሳል። ምልክቱ መደመር ቢሆን ኖሮ ከታች፣ ከአግድሙ የመጠን መስመር ላይ ይነሳ ነበር።

የሸማቾች ትርፍ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ለአንድ ኪሎ እስከ 50 ብር ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው በ30 ሲገዛ 20 ብር ይተርፈዋል። የገዢዎች ሁሉ ትርፍ ተደምሮ በግራፉ ላይ ከፍላጎት መስመር በታች፣ ከ30 ብር በላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ይሞላል። ብዙዎች የዚህን ሦስት ማዕዘን ጫፍ 120 ላይ ያደርጉታል፤ በቀመሩ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነዋ! ይሁን እንጂ 120 ሽንኩርቱ በነፃ ቢታደል የሚፈለገው መጠን እንጂ ዋጋ አይደለም። በተማሪው ብቻ አልፈርድም፤ ቀመሩ ከዋጋ ተነስቶ መጠንን ሲያሰላ፣ ግራፉ ግን አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ባስለመደው መንገድ ዋጋን በቋሚው መስመር ላይ ያስቀምጣል።

ትክክለኛው ጫፍ ማንም የማይገዛበት ዋጋ ነው፦ 120 − 2P = 0፣ ማለትም 60 ብር። ቁመቱ 60 − 30 = 30፣ መሠረቱ 60 ስለሆነ ስፋቱ ½ × 30 × 60 = 900 ይሆናል። እዚህ ላይ «900 ብር» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ዋጋው በኪሎ፣ መጠኑ በኩንታል የተሰጠ ነውና፣ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ የሸማቾቹ ትርፍ በቀን 90,000 ብር ነው።