ከቴሌግራም መልእክት ወደ ፈረቃ ማስታወቂያ

የሱቅ ተቆጣጣሪ የፈረቃ ሰዓት ሲቀየር ዜናውን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። መልእክቱ በሥራ መሀል፣ በጥድፊያ፣ ቁርጥራጭ ሆኖ ይጻፋል። ጸሐፊው የለውጡን ምክንያትና ዝርዝር ስለሚያውቅ የጎደለው አይታየውም። አንባቢዋ ካሸር ግን ማወቅ የምትፈልገው መቼ እንደምትገባና መቼ እንደምትወጣ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ካልመለሰ፣ ቋንቋው ቢያምርም ከግሩፑ መልእክት አይሻልም።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ መካከለኛ ሱፐርማርኬት ይወሰድ። ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነበር፤ አሁን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲሠራ ተወስኗል። ሠራተኞቹ በሁለት ፈረቃ ተከፍለው በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፤ የዕረፍት ቀናቸውም በተራ ነው። ተቆጣጣሪው ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ግሩፑ ላይ የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦

«ሰላም ልጆች፣ ከሰኞ ጀምሮ ሰዓት ተቀይሯል። ሱቁ እስከ 3 ነው የሚሠራው»

«የከሰዓት ገቢዎች 7 ላይ፤ መውጫ ሒሳብ ተዘግቶ ሲያልቅ»

«ርክክብ በደንብ ይሁን፣ ባለፈው የተፈጠረው እንዳይደገም»

«የትራንስፖርቱን ጉዳይ ለማኔጀሩ ነግሬያለሁ፣ እየታየ ነው»

«እረፍት ያው ነው። ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር ያናግረኝ»

እነዚህን አምስት መልእክቶች ወደ ማስታወቂያ ለመለወጥ ዓረፍተ ነገሮቹን ማስተካከል አይበቃም። ቀድሞ የሚመጣው ሥራ መለየት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከአራት ወገን በአንዱ ይመደባል፦ የተወሰነና የተቀየረ፣ እንዳለ የሚቀጥል፣ ገና ያልተወሰነ፣ እና በዚህ ማስታወቂያ ላይ ቦታ የሌለው።

በምሳሌው የተቀየረው ከሚመስለው ያነሰ ነው። «ሰዓት ተቀይሯል» የሚለው ሐረግ ሁሉንም ሠራተኛ ይነካል፤ የጠዋቱ ፈረቃ ግን እንደበፊቱ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። የተነካው የከሰዓቱ ብቻ ነው፦ ከቀኑ 6 ሰዓት ይገባ የነበረው 7 ሰዓት ይገባል፣ ከምሽቱ 2፡30 ይወጣ የነበረው 3፡30 ይወጣል። ስለዚህ ማስታወቂያው ያልተቀየረውንም በግልጽ መናገር አለበት። ይህ ሳይነገር ከቀረ የጠዋት ተረኛ የሆነ ሰው «እኔንም ይመለከተኛል?» ብሎ መጠየቁ፣ ወይም ሳይጠይቅ አርፍዶ መግባቱ አይቀርም።

ቀጥሎ ሰዓትና ቀን ይጠራሉ። «7 ላይ» የሚለው ቃል በአፍ ሲነገር አያሳስትም፤ በጽሑፍ ግን ያሳስታል። የሠራተኛው አነጋገር በኢትዮጵያ ሰዓት ነው፤ የስልኩ ሰዓት፣ የጣት አሻራ መመዝገቢያው ማሽንና የቴሌግራም መልእክቱ ማኅተም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከቀኑ 7 ሰዓት በማሽኑ 13:00 ነው፤ በማሽኑ 7:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። መፍትሔው ሰዓቱን «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ከሚለው ቃል ጋር ጽፎ ማሽኑ የሚያሳየውን ቁጥር በቅንፍ ማስከተል ነው። «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለውም እንዲሁ ነው። መልእክቱን ማክሰኞ ዕለት ላነበበው ሰኞ ኅዳር 8 ነው፤ ከዓመት ፈቃድ ተመልሶ ኅዳር 9 ላነበበው ግን ኅዳር 15 ይመስለዋል። የቀኑ ስም፣ ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ አንድ ላይ ሲጻፉ ይህ ችግር ይጠፋል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «መውጫ ሒሳብ ተዘግቶ ሲያልቅ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር የሥራ ሰዓቱን ማብቂያ የሌለው ያደርገዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አዲሱ የከሰዓት ፈረቃ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3፡30 ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሠራተኛው ከሥራ ነፃ የሚሆንበት የ30 ደቂቃ የምግብ ዕረፍት ሲቀነስ ልክ 8 ሰዓት ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራም 48 ሰዓት ይሞላል። ጣሪያው ላይ ስለደረሰ፣ ከ3፡30 በኋላ የሚሠራ ሥራ ሁሉ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት በአዋጁ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው የመውጫውን ሰዓት ቆርጦ መጻፍ፣ ተቆጣጣሪውም ሥራው በዚያ ሰዓት የሚያልቅበትን መንገድ ማበጀት ይኖርበታል። በሩ ልክ 3 ሰዓት ላይ እስኪዘጋ ደንበኛ የሚገባ ከሆነ ካሸሯ ዜድ ሪፖርት አውጥታና ገንዘብ ቆጥራ በ3፡30 መውጣት አትችልም። አዲስ ደንበኛ ማስገባት 2፡50 ላይ እንዲቆም መደረጉ ለዚህ ነው።

«እረፍት ያው ነው» የሚለው አጭር ሐረግም ችግር ደብቋል። የዕረፍት ቀኑ አልተቀየረም፤ ከከሰዓት ወደ ጠዋት ፈረቃ የሚዛወረው ሰው የሚያገኘው የእንቅልፍ ጊዜ ግን ተቀይሯል። ቀድሞ እሑድ ምሽት 2፡30 ወጥቶ ሰኞ ጠዋት 1፡30 ሲገባ በመካከሉ 11 ሰዓት ነበረው። በአዲሱ ሰዓት 10 ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚያ ላይ የመንገዱ ጊዜ ይቀነሳል። ቅያሪው ለሁሉም ሰኞ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሳምንታዊ ዕረፍቱ ማግስት ፈረቃ እንዲቀይር ከተደረገ ችግሩ ይወገዳል። ማታ 3፡30 ወጥቶ አንድ ቀን አርፎ በማግስቱ ጠዋት 1፡30 የሚገባ ሰው 34 ተከታታይ ሰዓት ያገኛል፤ ይህም አዋጁ ለሳምንታዊ ዕረፍት ከሚጠይቀው 24 ተከታታይ ሰዓት በላይ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ መልእክቱ ወደ ሥርዓት ሲገባ እንጂ በጥድፊያ ሲጻፍ አይታይም።

የርክክቡ ነጥብ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። «በደንብ ይሁን» የሚለው መመሪያ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይናገርም። መናገር ያለበት ደረጃውን ነው፦ ወጪዋ ካሸር የማሽኑን ድምር ሳታጠፋ ኤክስ ሪፖርት ታወጣለች፣ በመሳቢያው ያለው ገንዘብ በሁለቱ ፊት ይቆጠራል፣ ሁለቱም በርክክብ ቅጹ ላይ ይፈርማሉ። ዜድ ሪፖርት የዕለቱን ሽያጭ ስለሚዘጋ የሚወጣው በምሽት ብቻ ነው። «ባለፈው የተፈጠረው እንዳይደገም» የሚለው ግን ወቀሳ ነው። ጉዳዩን የማያውቀው ሠራተኛ ግራ ይጋባል፤ የሚያውቀው ደግሞ አንዲት ባልደረባውን ያስባል። የገንዘብ ጉድለት ከሚመለከተው ሰው ጋር ለብቻ የሚታይ በመሆኑ ከማስታወቂያው ይወጣል።

ትራንስፖርቱ ገና አልተወሰነም። «እየታየ ነው» ሲባል ግማሹ ሠራተኛ ሰርቪስ እንደተፈቀደ፣ ግማሹ እንደተረሳ ይቆጥረዋል። ተቆጣጣሪው ማኔጀሩን ጠይቆ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ያረጋግጣል፤ ማስታወቂያውም አለመወሰኑንና መልሱ የሚነገርበትን ቀን ብቻ ይይዛል። ጥያቄንም በውስጥ መስመር ከመመለስ አንድ የታወቀ ሰዓትና ቦታ መስጠት ይሻላል፤ በተናጠል የተሰጠ መልስ ከሰው ሰው ይለያያልና።

ይህ ሁሉ ተለይቶ ካለቀ በኋላ ማስታወቂያው እንዲህ ይሆናል፦

ማስታወቂያ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሽያጭና ለካሽ ሠራተኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የከሰዓት ፈረቃ የሥራ ሰዓት ለውጥ

ሱቁ ከሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3፡00 ሰዓት ክፍት ስለሚሆን የከሰዓት ፈረቃ ሰዓት ተቀይሯል።

የከሰዓት ፈረቃ፦ መግቢያ ከቀኑ 7፡00 (በማሽኑ 13:00)፣ መውጫ ከምሽቱ 3፡30 (በማሽኑ 21:30)።

የጠዋት ፈረቃ፦ አልተቀየረም። መግቢያ ከጠዋቱ 1፡30 (በማሽኑ 07:30)፣ መውጫ ከቀኑ 10፡00 (በማሽኑ 16:00)።

የምግብ ዕረፍት በሁለቱም ፈረቃ 30 ደቂቃ ነው።

የዕረፍት ቀን አልተቀየረም። ፈረቃ የሚቀየረው ግን ከዕረፍት ቀን ማግስት ይሆናል፤ የስም ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተለጥፏል።

የካሽ ርክክብ ከቀኑ 9፡30 ይጀመራል። ኤክስ ሪፖርት ይወጣል፣ ገንዘቡ በሁለቱም ካሸሮች ፊት ይቆጠራል፣ ቅጹ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ።

አዲስ ደንበኛ ማስገባት ከምሽቱ 2፡50 ይቆማል። ከ3፡30 በኋላ የሚያስቆይ ሥራ ካጋጠመ ተቆጣጣሪው በትርፍ ሰዓት ይመዘግበዋል።

የምሽት ትራንስፖርት ገና አልተወሰነም። መልሱ ቅዳሜ ኅዳር 6 በዚሁ ቦታ ይለጠፋል።

ጥያቄ ያለው ሠራተኛ ሐሙስ ኅዳር 4 ከቀኑ 9፡00 እስከ 9፡30 በተቆጣጣሪው ቢሮ ማቅረብ ይችላል።

የሱቅ ተቆጣጣሪ፣ ፊርማ

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ይደረግበታል። ከየፈረቃው አንድ ሠራተኛ ያነበዋል፤ ከዚያ ሳያይ የሚቀጥለውን ሰኞ መግቢያና መውጫውን፣ ፈረቃ የሚቀይርበትንም ቀን ይናገራል። ከተሳሳተ ወይም ካመነታ መታረም ያለበት ጽሑፉ ነው። ከተለጠፈ በኋላም አንድ ጥያቄ ከሁለት ሦስት ሰው ከመጣ ያ ነጥብ ግልጽ እንዳልሆነ ምልክት ነው፤ መልሱም ማስታወቂያው ላይ ይገባል።

የመጨረሻው ሥራ ቀድሞ የወጣውን መልእክት ማንሳት ነው። የማክሰኞው መልእክት ግሩፑ ውስጥ ከቆየ ሠራተኛው በእጁ ሁለት መመሪያ ይኖረዋል፤ ዘግይቶ የገባውም የሚያነበው የትኛውን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አምስቱ መልእክቶች ይሰረዛሉ፣ የማስታወቂያው ፎቶ ተለጥፎ ከላይ ፒን ይደረጋል። በኋላ አንድ መስመር እንኳ ቢቀየር ሙሉው ማስታወቂያ በአዲስ ቀን እንደገና ይወጣል፤ አሮጌው ወረቀት ከግድግዳው ይነሳል።