የሐዘን መልእክት ድንበር ሲሻገር

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እናቱ አረፉበት እንበል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ለእሱና ለአባቱ በእንግሊዝኛ ሦስት ነገር ይጽፋሉ፦ ማዘናቸውን፣ በሐሳባቸው አብረው መሆናቸውን፣ የሚያስፈልግ ነገር ካለ እንዲነገራቸው። አባትየው እንግሊዝኛ ስለማያነቡ መልእክቱ ይተረጎማል።

ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «ስለ ማጣትዎ ይቅርታ» ብሎ ይጀምራል። እንግሊዝኛው «ሶሪ» ለበደልም ለሐዘንም ያገለግላል። አማርኛ አንባቢ ግን ይቅርታ ሲባል በዳዩ ማን ነው ይላል። «በባለቤትዎ ዕረፍት እጅግ አዝነናል» ቢባል ይህ ይቃናል።

ሆኖም ደብዳቤው አሁንም ለአባትየው ጎዶሎ ነው። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ ጸሐፊዎቹ ስሜት ነው። በእኛ ልማድ ለቅሶ ደራሽ ለሟች «ነፍስ ይማር»፣ ለቤተሰቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ስለ ራሱ ስሜት ብዙ አይናገርም። ታዲያ ተርጓሚው ጸሎቱን ከራሱ ይጨምር? ላኪዎቹ ያላሉትን ማስባል ነውና ቢጠይቃቸው ይሻላል። ሃይማኖት ማንሳት ካልፈለጉ ጋዜጦቻችን የለመዱት «ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን» ቦታውን ይሞላል።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩን» በእንግሊዝኛ ሐዘንተኛውን ላለማስጨነቅ የሚነገር ጨዋነት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሐዘንተኛ አይጠይቅም፤ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ግብዣው በአማርኛ ቀዝቃዛ ይሆናል። ባልደረቦቹ ከፈቀዱ «ቅዳሜ ምሳ ይዘን እንመጣለን» ቢባል አባትየው ልባቸውን ያዩታል።

መልሱም በተራው ይሳሳታል። «ነፍስ ይማር» እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ፣ የእንግሊዝ ዳኞች የሞት ፍርድ ሲያነቡ ይዘጉበት የነበረውን ቃል ይመስላል፤ በሐዘን ደብዳቤ ላይ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። «ነፍሷ በሰላም ትረፍ» የሚለው ለእንግሊዝኛ ጆሮ ይቀርባል።

ወደ ዓረብ አገሮች ስንሻገር የሚጽናናው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ለሐዘንተኛው በብዛት የሚባለው አላህ ምንዳህን ያብዛልህ የሚል ነው። ምንዳው ለትዕግሥቱ የሚከፈለው ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ግን በእናቱ ሞት ትርፍ የተመኙለት ይመስለዋል። ለሙስሊም ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሲተረጎም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ማለት ሐሳቡን ሳይጎዳ ያደርሰዋል።

ስለዚህ ጥሩ ተርጓሚ ቃላቱን ከመንካቱ በፊት ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ፣ ደብዳቤውን ማን እንደሚያነበው ይጠይቃል። «ያጽናህ»፣ «ያጽናሽ»፣ «ያጽናዎ» ወይስ «ያጽናችሁ» እንደሚል የሚወስነው ይኸው መልስ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው አይነግረውም።