ለሬጅስትራር የጻፍኩት ሁለተኛው ደብዳቤ

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዶሃ ያለ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው። ዩኒቨርሲቲህ ዲግሪህን በቀጥታ ለእኛ ያረጋግጥልን አሉኝ። ለሬጅስትራሩ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ይህን ጥያቄ እኔም ከዓመታት በፊት ጠይቄው ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን መጀመሪያ ተሳስቼ ነው። ስለዚህ ከስህተቱ ልጀምር።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ሥራውን ለማግኘት ምን ያህል እንደለፋሁ፣ ቀጣሪው አጭር ጊዜ ብቻ እንደሰጠኝ፣ ዩኒቨርሲቲውን ምን ያህል እንደምወደው ዘርዝሬ መጨረሻ ላይ «ዲግሪዬን እንድትልኩልኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። 16 ቀን ምንም መልስ የለም። ቢጨንቀኝ ታናሽ ወንድሜን ላክሁት። መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ ደብዳቤውን ከፋይል አውጥተው አሳዩት።

«ደርሷል እኮ ልጄ። ግን እህትህ ማን ናት? በዚህ ስም ስንት ተመራቂ እንዳለ ታውቃለህ? ደግሞ ዲግሪዬን ላኩልኝ ትላለች፤ ዲግሪው እሷ ዘንድ አይደለም እንዴ?»

ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ደብዳቤዬ ስለ እኔ ብዙ ቢያወራም ሥራውን ለሚሠራው ሰው የሚጠቅም አንድም ነገር አልነበረበትም።

መጀመሪያ ምን እንደምንጠይቅ እንለይ። ውጭ ያለ ቀጣሪ ማስረጃ ሲል ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ ውጤታችን ከነኮርሱ ታሽጎ የሚላክበት። ሁለተኛው በተለምዶ «ማህተም ማስመታት» የምንለው ነው፤ በእጃችን ያለው ወረቀት በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ሦስተኛው፣ ዛሬ የምናወራበት፣ ቬሪፊኬሽን ነው። እዚህ ላይ የእኛ ወረቀት ቦታ የለውም። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲው በራሱ መዝገብ ላይ ያለውን ነው፤ እሱንም ከእኛ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ነው የሚቀበለው። ለዚህ ነው «ዲግሪዬን ላኩልኝ» የሚለው አረፍተ ነገር ሴትዮዋን ግራ ያጋባቸው።

ይህ ከገባን ደብዳቤው እንዴት መጻፍ እንዳለበትም ይገባናል። ሬጅስትራር የሚመሰክረው ለእኛ ሳይሆን ለመዝገቡ ነው። የእኛ ሥራ ባለሙያው አንድም ነገር መልሶ ሳይጠይቀን መዝገቡን እንዲያገኝና መልሱን እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

መዝገቡ የሚገኘው በመታወቂያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ የድሮ ስቱደንት ኮፒ ወይም የግሬድ ሪፖርት ላይ ፈልጉት። ከቁጥሩ ጋር የትምህርት ክፍል፣ የመግቢያና የምረቃ ዓመት፣ እንዲሁም ፕሮግራሙን (መደበኛ፣ የማታ፣ የክረምት ወይም የርቀት) ጻፉ። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ፋይሎቹ በየፕሮግራሙ ተለያይተው ሊቀመጡ ስለሚችሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተመረቃችሁ በኋላ ስሙን ቀይሮ ከሆነም በአንድ መስመር አስታውሱ። ለምሳሌ «ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ዲግሪ የያዘ ሰው ዛሬ መልሱ የሚመጣለት ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀጣሪው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በምን ያውቃል?

ስም ሌላው መሰናክል ነው። ቀጣሪው የያዘው ፓስፖርታችንን ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ደግሞ ስንመዘገብ የተጻፈው አጻጻፍ ነው። ዮሐንስ በአንዱ `Yohannes`፣ በሌላው `Yohanis` ሆኖ ይገኛል። አንዱ ጋ ስም እስከ አባት፣ ሌላው ጋ እስከ አያት ይሆናል። ሬጅስትራሩ ስማችንን በአንድ ደብዳቤ ሊቀይርልን አይችልም፤ እንዲቀይርም አትጠይቁት። ሁለቱንም አጻጻፍ ጻፉና በመልሱ ላይ በመዝገቡ ያለውን ስም ከፓስፖርት ቁጥራችሁ ጋር እንዲጠቅስ ጠይቁ። ለቀጣሪውም ልዩነቱን ቀድማችሁ ንገሩት።

ከሁሉ የከፋው ግን የዘመን አቆጣጠር ነው። እኔ የገባሁት በጥቅምት 2005፣ የተመረቅሁት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው። መልሱ ላይ «2007» ብቻ ተጽፎ ቢሄድ፣ ቀጣሪው ቅጼ ላይ ከሞላሁት 2015 ጋር ሲያስተያየው የስምንት ዓመት ልዩነት ያያል፤ በእሱ ዓይን ይህ የተጭበረበረ ማስረጃ ነው። ሁሉም ላይ ስምንት መደመርም አያዋጣም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ የመግቢያዬ ዓመት 2012፣ የምረቃዬ 2015 ነው። ባለሙያው እንዲያሰላ አትተዉት፤ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን አስፍሩለት።

ከዚያ ፈቃድ አለ። ሬጅስትራሩ የእኛን መረጃ ለማያውቀው ድርጅት የሚሰጠው እኛ በፊርማችን ስንፈቅድ ነው። ፈቃዱ ግን ልክ ይኑረው፦ ለማን፣ የትኛው መረጃ፣ እስከ መቼ። ቀጣሪው ውጤት ካልጠየቀ ውጤታችሁን እንዲልኩ አትፍቀዱ። ቀጣሪው የራሱ የፈቃድ ቅጽ ካለውም ፈርማችሁ አያይዙት።

የመጨረሻው መንገዱ ነው። ቀጣሪው መልሱን የሚያምነው በዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ኢሜይል ሲመጣ ነው፤ አድራሻው `edu.et` ላይ የሚያልቀው ማለት ነው። ከግል ጂሜይል የተላከ መልስ፣ ማህተም ቢኖረውም፣ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ሬጅስትራሩም በተራው ጠያቂው እውነተኛ ድርጅት መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ለሁለቱም የሚሆን ዘዴ አለ፦ ቀጣሪው ከድርጅቱ ኢሜይል ለሬጅስትራሩ ጥያቄውን ቀድሞ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ሬጅስትራሩ እዚያው ላይ ይመልስለታል። አድራሻ የመሳሳት ነገር ይቀራል። መልሱ ወደ ቀጣሪው ስለሚሄድ የሚቀበልላችሁ ሰው ውክልና እንዲያወጣም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ ይህን ይመስል ነበር። የግል መረጃውን አውጥቼዋለሁ።

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለ… ዩኒቨርሲቲ ዋና ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የዲግሪ ማረጋገጫ ለቀጣሪ ድርጅት በቀጥታ እንዲላክ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ከዚህ በታች በተገለጸው መሠረት ከዩኒቨርሲቲው የተመረቅሁ ሲሆን፣ ዶሃ፣ ኳታር የሚገኘው … ድርጅት ሊቀጥረኝ ስለሆነ ማስረጃዬ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲረጋገጥለት ጠይቋል።

በመዝገብ ላይ ያለ ስም፦ …
በፓስፖርት ላይ ያለ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፦ …
የመታወቂያ ቁጥር፦ …
ትምህርት ክፍልና ፕሮግራም፦ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ መደበኛ
የገባሁበት ቀን፦ ጥቅምት 5 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2012)
የተመረቅሁበት ቀን፦ ሐምሌ 4 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2015)
የዲግሪው ዓይነት፦ ባችለር ኦፍ አርትስ

ስለሆነም በመዝገብ ላይ ያለው ስሜ ከፓስፖርት ቁጥሬ ጋር፣ የተማርኩበት መስክ፣ የዲግሪው ዓይነት፣ የመግቢያና የምረቃ ቀኔ በእንግሊዝኛ ተረጋግጠው፣ በጽሕፈት ቤቱ ይፋዊ ኢሜይል ለ… (የቀጣሪው አድራሻ) በማጣቀሻ ቁጥር … እስከ ኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲጻፉልኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ የተዘረዘረው መረጃ ብቻ ለተጠቀሰው ድርጅት እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ። ፈቃዱ ከዛሬ ጀምሮ ለ90 ቀን የጸና ነው።

አባሪ፦ የዲግሪ ቅጂ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የቀጣሪው የጥያቄ ደብዳቤ፣ የወጪ መጋራት ክሊራንስ፣ የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ

ከሰላምታ ጋር፣ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ስለ አባሪው አንድ ነገር ልበል። ወጪ መጋራት ያልጨረሰ ተመራቂ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንደማይሰጠው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ለቬሪፊኬሽንም ክሊራንሱ ሊጠየቅ ስለሚችል ጨርሳችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ አያይዙት። በእጃችሁ ያለው ቴምፖ ብቻ ከሆነ የእሱን ቅጂ አያይዙና ደብዳቤው ላይም ቴምፖ መሆኑን ግለጹ።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ «ምን ደረሰ?» እያሉ መደወል ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው ቁጥር ነው። መዝገብ ቤት ሲቀበላችሁ ገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጻፉት። ከዚያ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው ለባለሙያው ይመራዋል። ባለሙያው ፋይሉን አይቶ መልሱን ያዘጋጃል፤ ይፈረማል፣ ቲተርና ማህተም ይመታበታል፣ ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል። ገቢ ቁጥር ኖሮት ወጪ ቁጥር ከሌለው ደብዳቤው ያለው ግቢው ውስጥ ነው፤ ሰው ላኩና ለማን እንደተመራ ጠይቁ። ወጪ ቁጥር ካለው ደግሞ ሬጅስትራሩን ተዉት፤ ቀጣሪያችሁ የኢሜይሉን የስፓም ሳጥን ይፈትሽ።

የእኔ ሁለተኛ ደብዳቤ በስምንተኛው ቀን ወጪ ሆነ። ቀጣሪዬ መልሱ እንደደረሰው ሲነግረኝ ጓጉቼ ቅጂውን ለመንሁት። ከራስጌውና ከማህተሙ በስተቀር አራት መስመር ናት፦ ስሜና የፓስፖርት ቁጥሬ፣ የተማርኩት፣ የገባሁበት፣ የተመረቅሁበት። አራቱም ደብዳቤዬ ላይ በጻፍኳቸው ቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው። ባለሙያው ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ፣ ተርጉሞ፣ ፈርሞበታል። ያ ሁሉ የለፋሁበት አንድ ገጽ ተኩል ግን ዛሬም መዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።